ከኋላ የነበረው እጅ

ሰኞ፣ ሰኔ 3

ጠዋት የሐዘን መግለጫ ጻፍኩ። ከሰዓት የእንኳን ደስ አለዎት። ሁለቱም ላይ "ከልብ የመነጨ" የሚል ገባበት። ከማን ልብ? ከኔ ከሆነ ውሸት ነው። ከትልቁ ሰው ከሆነ ደግሞ… ልብ ለመኖሩ ሐኪም ይመስክር።

"ትልቁ ሰው" ብዬ ለሥራ አስኪያጃችን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ቢሮው ሁሉ ተቀብሎ እንደዚያ ይለዋል። ራሱም ሰምቶ ደስ አለው አሉ። ምስኪን፣ ሙገሳ መስሎት።

ዛሬም ሳያነብ ፈረመ። ሽቶ ደብዳቤዎቹን ማኅደር ውስጥ ደራርባ፣ ግርጌ ግርጌያቸው ብቻ እንዲታይ አድርጋ ታቀርብለታለች። ሽቶ ጸሐፊው ናት፤ ከሷ ቀድሞ ሽቶዋ ነው የሚገባው። እሱ እስክሪብቶውን መዘዝ አድርጎ ጫፍ ጫፉን ይፈርማል። የራሱን ስንብት ባስገባለት ይፈርማል። አንድ ቀን ልሞክረው ይሆን?

ዝናብ። ጫማዬ ውኃ ያስገባል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ትልቁ ሰው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ በመስታወት የተከፈፈ ትልቅ ፎቶ ተጋድሟል። ጥቁርና ነጭ።

"ነይ ነይ፣ ጉድ ላሳይሽ! የስምንተኛ ክፍል ፎቶዬ ነው። ትምህርት ቤቱ ከመጋዘን አግኝቶ ላከልኝ። አስጎልቼ አሳጠብኩት።"

አየሁት። ክው አልኩ። ከፊት መሬት ላይ የተቀመጡ፣ ከኋላቸው የቆሙ፣ ከዚያ አግዳሚ ላይ የተሰቀሉ። በመሀል ቲቸር ዜሮ። ከቲቸር ፊት ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት።

"ይሄ እኔ ነኝ። የቲቸር እጅ የት ነው ያለው? የማን ትከሻ ላይ? ይታይሻል?"

"ይታየኛል።"

"ከዚያ ሁሉ ልጅ መርጠው እኔ ላይ! ያኔ ነው ያወቁት።"

ምኑን እንዳወቁ አልነገረኝም። ጣቱን ጎኑ ወደቆመችው ልጅ ወሰደ።

"ይቺ ደግሞ ማን ነበረች… ስሟ ጠፋኝ። አንድ ኩርፊያም ነበረች። አያት እስቲ ፊቷን! እንዲህ ያለች የትም አትደርስ።"

ከጠረጴዛው ማዶ ቆሜ ነበር። ፊቴም ያው ያን ጊዜ የነበረው ነው፣ ትንሽ ረገበ እንጂ። "እንጃ" አልኩት።

ይኸው እሱ ተሹሞ ከመጣ አራት ዓመት። በመጣ በመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። እሱ አላወቀኝም። እኔም አልነገርኩት፤ ለምን ብዬ? ስሜን እንኳ አያውቅም። "የደብዳቤዋ" ነው የሚለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲቸር ጡረታ ይወጣሉ። ሰኔ 15፣ ቅዳሜ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሽኝት አለ። የክብር እንግዳው እሱ። የቀድሞ ተማሪ ሆኖ የምስጋና ደብዳቤ ያነባል፣ ፈርሞ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ደብዳቤውን የሚጽፈው ማን ነው? እንዴ፣ የደብዳቤዋ ምን ትሠራለች!

"ልብ የሚነካ ይሁን። ዘለግ ያለ። አጭር ደብዳቤ ሰውን መናቅ ነው።"

ካፖርትም ይሰጣቸዋል። ቁጥሩን ራሱ ለሽቶ ነገራት። "ትልቁን ግዢ፣ ቲቸር ግዙፍ ናቸው" አለ፣ ፎቶውን እያየ። ግዙፍ! በፎቶው ከልጆቹ በላይ የታዩት ፎቶ አንሺው ከእግራቸው ሥር የእንጨት ሣጥን ስላስገባ ነው። ቲቸር እኮ ጭብጥ የምታህል ሴት ናቸው። ያን ጊዜም አብዛኞቻችን ደርሰንባቸው ነበር።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ይግዛ!

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

"ቲቸር ዜሮ" ያስባላቸው የሰጡት ነጥብ አይደለም። ዓርብ ዓርብ የደብዳቤ ትምህርት ነበረን። ለአንድ ለምናውቀው ሰው ደብዳቤ ጽፈን እንመጣለን። እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ እያነበቡ፣ ለማንም ሊላክ የሚችል ዓረፍተ ነገር ሲያገኙ ጎኑ ላይ ትንሽ ክብ ያደርጋሉ። በቃ። ሰረዝ የለ፣ ስድብ የለ። ክብ።

"ለጤናሽ እንደምን አለሽ።" ክብ። "እኔ በጣም ደህና ነኝ።" ክብ። "ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ።" ክብ፣ ያውም ጠበቅ ያለ።

የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ለታመመች አክስቴ ነበር። ክቡ ከፊደሉ በዛ። "አክስትሽ ምኗን ነው ያመማት?" አሉኝ። ጉልበቷን። "የቱን ጉልበቷን?" አላውቅም። "ሄደሽ ጠይቂያትና ጻፊላት።" ሄድኩ። ግራዋን ነበር። ውኃ ስትቀዳ አዳልጧት። እንደገና ጻፍኩ። ክቡ ጠፋ።

እንግዲህ እኔ ለትልቁ ሰው ዛሬ የጻፍኩት ከላይ እስከ ታች ክብ ነው። "ለላቀ አስተዋፅኦዎ"፣ "በትውልድ ቀረፃ"፣ "የዕውቀት ሻማ"። ሆን ብዬ ነው። ምን ቸገረኝ?

ዓርብ፣ ሰኔ 7

"መጨረሻውን አንብቢልኝ" አለኝ። ሁሌም መጨረሻውን ነው የሚሰማው፤ ከላይ ያለውን ሌላ ሰው ያንብበው። አነበብኩለት።

"ደረቅ ነው። ፎቶውን አስገቢበት እንጂ! እጃቸውን። ከእጃቸው ተነሺ።"

ደረቅ መሆኑን ማወቁ ራሱ ይገርማል።

ተቀምጬ በቁጣ ጻፍኩት። "ያ እጅዎ ዛሬም ትከሻዬ ላይ ነው፤ በምቆምበት መድረክ ሁሉ አብሮኝ ይቆማል…" እያልኩ። መጨረሻውን አነበብኩለት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። በራሱ ትከሻ ተነክቶ!

"አየሽ፣ ይሄ ነው! ይሄ ከልቤ ነው የወጣው።"

ከልቡ። እሺ። እኔ እንግዲህ ልቡ ነኝ ማለት ነው። ጡረታዬም በዚያው መደብ ይታሰብልኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

ለእህቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ በሽንኩርቱ ይሁን በሳቅ ዓይኗን ጠረገች።

"ያ ባለጌ? ቀሚሴን የቀደደው?"

"ቁልፉን ነው የበጠሰው።"

"ያው ነው። ለዓመት በዓል የተገዛልኝ ቀሚስ! ለፎቶ ብለሽ ለምነሽኝ፣ ቁልፉን በጥሰሽ መጣሽ። ደግሞ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅሽኝም።"

ሌላውን ሁሉ ስጽፍ ያን የፎቶ ቀን ለምን እንዳልጻፍኩት አላውቅም። ልጻፈው።

የእህቴ ቀሚስ ነበር፤ ሰፊ። ከአንገት እስከ ወገብ ከኋላ በቁልፍ የሚያዝ። ተራ ይዘን ቆመን፣ ያ ልጅ፣ የዛሬው የክብር እንግዳ፣ ከኋላ መጥቶ ሳብ አደረገው። ቁልፎቹ ተራ በተራ ተፈናጠሩ። ጀርባዬ ተገለጠ። ውስጥ የለበስኩት የተጣፈ ነበር። ክፍሉ በሙሉ አየ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሮጬ ልወጣ ስል አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። ቲቸር።

አልተቆጡም። አላባበሉም። በአንድ እጃቸው እሱን ትከሻው ላይ ጨምድደው አምጥተው ፊታቸው አቆሙት። እኔን ከጎኑ። ሣጥኑ ላይ ወጡ። በሌላው እጃቸው የቀሚሱን ሁለት ጫፍ ከኋላዬ ሰብስበው ጨበጡት። የጣታቸው አጥንት ጀርባዬ ላይ ቀዝቃዛ ነበር። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣

"ፊትሽን አቅኚ። ከኋላ ያለው የኔ ጉዳይ ነው።"

ፎቶ አንሺው አንዱ ዓይኑን ጨፈነ ብሎ ደገመ። አንዷ አስነጠሰች ብሎ ደግሞ ደገመ። እጃቸው ንቅንቅ አላለም። ፊቴን ግን ማቅናት አልቻልኩም፤ ላለማልቀስ ስታገል አኮረፍኩ። ያ ነው "ኩርፊያም" የተባለው።

ሲያልቅ ከፈተና ወረቀት ላይ ክሊፕ እየነቀሉ ቀሚሱን ከኋላ ያዙልኝ። ከዚያ ደወል ተደወለ፣ ገብተው አስተማሩ። አንድም ቀን አላነሱብኝም። እኔም አመሰግናለሁ አላልኩም።

"ለምን አላልሻትም?" አለች እህቴ።

"ምን ብዬ?"

"ስትበሊ አመሰግናለሁ አትዪ፣ ስትታመሚ አመሰግናለሁ አትዪ። አንቺ ከተወለድሽ ጀምሮ ሰው ሁሉ ዕዳውን እየከፈለሽ ነው የሚመስልሽ።"

ተናድጄ ሽንኩርቱን ቀማኋት። እኔ ልላጠው ብዬ። እሷ ሳቀች።

እሑድ፣ ሰኔ 9

ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ያ ሰውዬ ቅዳሜ ተነስቶ፣ ሌባ ይመስል የተያዘበትን እጅ ምርቃት ነው ብሎ ያነባል። ቲቸርም ይሰማሉ። በኔ ቃል! ከዚያ ሻንጣቸውን ይዘው ሩቅ፣ ወንድማቸው ዘንድ ይሄዳሉ። የማይታየውን እጅ ግን አንድም ሰው ሳያነሳላቸው።

እና ምን ይጠበስ? ምስጋና የሌለው ሥራ ሞልቷል። የኔስ?

…

ጻፍኩ። ለራሴ። ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። ስንት ሺህ ደብዳቤ የጻፈ እጅ!

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

የእሑዱን አነበብኩት። ክብ በክብ። "ውለታዎ በቃላት አይገለጽም" ብያለሁ። ታዲያ ምን ልሁን ብዬ ነው የምጽፈው? በራሴ እስክሪብቶ አከበብኩት። ስጨርስ ወረቀቱ ወንፊት መሰለ።

እንደገና። ከሣጥኑ ልጀምር። ከክሊፖቹ። ስለ ጣቶቻቸው ቅዝቃዜ። ያ ልጅ ለምን እንደተያዘ። ከዚያ ይሄ ነገር ለኔ ምን እንዳደረገልኝ… እዚህ ላይ ቆምኩ። በርግጥ ምን አደረገልኝ? "አመሰግናለሁ" ለማለት ይሄን ማወቅ አለብኝ። ይሄን ነበር የሚጠይቁን፤ "ከዚያስ? ዛሬ ምን ታደርጊበታለሽ?" ይሉ ነበር።

ሐሙስ፣ ሰኔ 13

አወቅኩት። ደስ አይልም። ግን እውነት ስለሆነ ጻፍኩት።

በቢሮ ወረቀት፣ በንጹሕ ጻፍኩት። ለእርሳቸው ብዬ ፖስታ ውስጥ አስገባሁ። ተላላኪው ነገ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ ይዞልኝ ይሂድ። ከትልቁ ሰው ደብዳቤ ጋር ጎን ለጎን ጠረጴዛዬ ላይ ተኝተዋል። የሱ ስስ፣ የኔ ወፍራም።

ካፖርቱ መጣ። ሽቶ ለብሳ አሳየችን። ውስጡ ጠፋች። "የማን ነው ይሄ፣ የፈረስ ነው?" አሉ ሒሳብ ክፍሎች። እኔ አቀርቅሬ መጻፌን ቀጠልኩ።

ዓርብ፣ ሰኔ 14

ጠዋት ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበረኝ። ስመለስ ጠረጴዛዬ ባዶ ነው። ሁለቱም ፖስታ ሄዷል። የሱን ሽቶ ወስዳዋለች፣ የኔን ተላላኪው። ተገላገልኩ።

ነገ አልሄድም። ምን አስኬደኝ? ያን ሰውዬ ለመስማት?

"ትሄጃለሽ" አለች እህቴ። ጫማዬን ጠርጋ በር ላይ አስቀምጣዋለች። ማን ጥረጊ አላት?

እሑድ፣ ሰኔ 16

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። እንደ ሆነው ልጻፍ።

ሄድኩ። አዳራሹ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ቶሎ ለመውጣት። ርእሰ መምህሩ ተናገረ፤ ክብ። የወላጆች ተወካይ ተናገሩ፤ ክብ፣ ክብ። አንዱ ግጥም አነበበ፤ እሱስ ጎማ ነበር። ቲቸር መድረኩ ላይ ትልቅ ወንበር ሰጥተዋቸው፣ እግራቸው መሬት ሳይነካ ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው ሸብቷል። ፊታቸው ግን ያው ነው። የሚያነብ ፊት። ሰው ሁሉ ሲናገር ጣታቸው ወንበሩ ክንድ ላይ ትንንሽ ክብ ያደርጋል። አየሁት! እየሠሩ ነው እኮ።

ያን ጊዜ ደብዳቤዬን አንብበውት ይሆን አልኩ በልቤ።

ትልቁ ሰው ተጠራ። ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ፎቶውን አስይዞ፣ "ይህን ያየ" አለ፣ "ሌላ ምስክር አያሻውም።" ወረቀቱን ዘረጋ። ወፍራም ወረቀት።

ወፍራም?

ሽቶ አጠገቤ ነበረች። ክንዷን ያዝኩ። "የቱን ነው የሰጠሽው?"

"እትዬ፣ ሁለት አዘጋጅተሽላቸው የለ? ዘለግ ያለ ይወዳሉ ብዬ ወፍራሙን አስገባሁት። ፈርመውበታል።"

ፈርሞበታል። ግርጌው ላይ ስሜን አልጻፍኩም ነበር! በዚህ ሁሉ ዓመት ልማድ፣ የፊርማውን ቦታ ባዶ ትቼ…

ማንበብ ጀመረ። ድምፁ ያምራል፣ ይሄን አልነፍገውም። የሚያነበውን ግን ራሱ አይሰማውም።

"ከፊቴ አንድ አሮጌ ፎቶ አለ። እርስዎ ከሁላችን በላይ ይታያሉ፤ ከእግርዎ ሥር የገባው ሣጥን አይታይም።"

የቲቸር ጣት ቆመ።

"በፎቶው ላይ የሚታየው አንድ እጅዎ ብቻ ነው። አንድ ልጅ ትከሻ ላይ።" እዚህ ጋ ቀና ብሎ ፈገግ አለ። ትከሻውን ነካ አደረገ። ተጨበጨበለት። "ያ ልጅ ያን ዕለት እጁ አላርፍ ብሎት ነበር። ካልተያዘ አይቆምም። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ እጅዎን ምርቃት ያደርገዋል። እውነቱ ግን፣ እንዳያመልጥዎ ነው የጨመደዱት።"

ሳቅ። እሱም አብሮ ሳቀ። ቀልድ የጻፍኩለት መስሎት!

"ሁለተኛው እጅዎ አይታይም። እሱ ጀርባዬ ላይ ነበር፤ ያ ልጅ ቁልፉን የበጣጠሰውን ቀሚሴን…"

ቆመ። ወረቀቱን ገለበጠ። መልሶ ገለበጠ። "ቀሚ…" አለ። አዳራሹ መጀመሪያ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ከወደ ኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፣ ከዚያ ሁሉም። የክብር እንግዳው ፊት የበሰለ ቲማቲም ሆነ።

ስንት ዓመት እንዲህ ሲሆን ማየት ስመኝ ኖሬያለሁ! ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልሆነም። በሱ ላይ እየሳቁ ሳለ የሚስቁት በዚያ በተጣፈው የውስጥ ልብሴ ይመስለኝ ጀመር። የክፍል ልጆች ያኔ የሳቁት ሳቅ ነው። ወደ በሩ አየሁ። ቅርብ ነበር።

"ዝም በሉ" አሉ ቲቸር። አልጮኹም። ዝም አልን፤ ሸበቶው ሁሉ። "አንተ ቁጭ በል፣ ልጄ። የጻፈችው ትምጣ።"

ማንም አልተነሳም። ሽቶ በክርኗ ጎሰመችኝ። ልክ እንደዚያ ቀን፤ ልሮጥ ስል የሚይዘኝ እጅ ፈለግኩ። የሚይዝ የለም።

ተነሳሁ። አቤት ርዝመቱ፣ የአዳራሹ!

ትልቁ ሰው ወረቀቱን ሰጠኝ። ፊቴን አየ፣ ፎቶውን አየ፣ ፊቴን አየ። "አንቺ ነሽ እንዴ?" አለ በሹክሹክታ።

የቀረውን አነበብኩ። ስለ ክሊፖቹ። "ፊትሽን አቅኚ፣ ከኋላ ያለው የኔ ጉዳይ ነው" ስላሉኝ። ከዚያ መጨረሻውን።

"ቲቸር፣ ያን ቀን ካስተማሩኝ ግማሹን ብቻ ነው የተማርኩት። ከኋላ መያዝን። ሥራዬ ያ ሆነ፤ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲያምር እኔ ከኋላው ቀዳዳውን እይዝለታለሁ። እርስዎ ግን ይዘው አልናቁኝም። እኔ የያዝኩትን ሁሉ እየናቅኩ ነው የኖርኩት። ፊትሽን አቅኚ ያሉኝን እስከ ዛሬ አልቻልኩም። በፎቶው ያለው ኩርፊያ ዛሬም ፊቴ ላይ ነው። ለያዙልኝ ጀርባ አመሰግናለሁ። መቼም አልረሳዎትም።"

ተጨበጨበ። ግድም አልሰጠኝ። ቲቸር እጃቸውን ዘረጉ፣ ወረቀቱን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። ሰው ሁሉ እየጠበቀ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። ቀይ!

"አንድ ቦታ አለ" አሉኝ።

"የት ጋ ቲቸር?"

"'መቼም አልረሳዎትም' ያልሽው። ይሄን ዛሬ አራት ሰው ብሎኛል።" ትንሽ ክብ። "ሌላው ላንቺና ለኔ ብቻ ነው።"

ከዚያ ግርጌውን አዩ። የትልቁን ሰው ፊርማ፣ ያን የሚጠማዘዝ ጅራት። በአንድ ሰረዝ ሰረዙት። ሲሰርዙ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እስክሪብቶውን ሰጡኝ።

"ፈርሚ።"

ፊርማ የለኝም ለካ። የፈረምኩበት ደብዳቤ ትዝ አይለኝም። ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩት፣ ፊደሉን አንድ በአንድ፣ እንደ ተማሪ።

"ጉልበቷ ዳነ?" አሉኝ ወረቀቱን እያጠፉ።

"የማን?"

"የአክስትሽ። የግራው።"

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ሰው ፊት። እኔ!

ሰኞ፣ ሰኔ 17

ቢሮ ገባሁ። ስንብቴን እየጠበቅኩ። ሽቶ በፍርሃት ሽቶ እንኳ አልተቀባችም። "ጥፋቱ የኔ ነው" ስትል "የሰውየው ነው፣ አንብቦ ቢሆን ኖሮ" አልኳት። ደግሞም የኔ፣ ባዶ ቦታ የተውኩት። ይሄን አልነገርኳትም… ነገ እነግራታለሁ።

ትልቁ ሰው እስከ ምሳ በሩን ዘግቶ ቆየ። ከዚያ አስጠራኝ። በስሜ! ተሳስቶ የሌላ ስም ነው የጠራው፣ ግን ስም ነው።

"ቁልፉን እኔ ነኝ የበጠስኩት?"

"አዎ።"

"አላስታውሰውም።"

"እኔ አስታውሰዋለሁ።"

ከዚያ የዕለቱን ማኅደር ከፍቶ፣ በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። ሦስት ደብዳቤ አንብቦ ራሱን አመመው። "ይሄን ሁሉ አንቺ ነሽ የምትጽፊው?" አለኝ። ማን መስሎት ነበር?

አሁንም እንቀዋለሁ። ግን አድካሚ ሆኗል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 3

ተላላኪው የሽኝቱን ፎቶ አመጣ። ለሁላችንም አንዳንድ።

ያን ዕለት ካፖርቱን አልብሰዋቸው ነበር። ቲቸር ውስጡ ጠፉ። እጅጌው ጉልበታቸው ደረሰ፤ ትከሻው ክንዳቸው ላይ ወደቀ። ርእሰ መምህሩ "ያምራል! ያምራል!" አለ። ሕዝቡ ሳቁን ዋጠ። ያን ካፖርት ማስቆም እችል ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ያን ሰውዬ ላዋርድ ብዬ እሳቸውን…

ፎቶ አንሺው "ተጠጉ" ሲል ከኋላቸው ቆምኩ። የካፖርቱን ትርፍ በሙሉ ከጀርባቸው ሰብስቤ ጨበጥኩት። ሰፊው ካፖርት ከፊት ልክክ አለ። ዞር ሊሉ ሲሉ በጆሯቸው፣

"ፊትዎን ያቅኑ ቲቸር።"

"እጅሽ ይቀዘቅዛል" አሉኝ።

ፎቶውን ለእህቴ አሳየኋት። ዘይት በነካው ጣቷ ይዛ አየችው። ትልቁ ሰው እጁን በቲቸር ትከሻ ላይ አድርጎ ጥርሱን በሙሉ አሳይቷል። ቲቸር በልካቸው የተሰፋ በሚመስል ካፖርት ቀጥ ብለው ቆመዋል። እኔ ከኋላቸው፣ አንድ እጄ የለም።

"አይ" አለች እህቴ፣ "ያ ባለጌ ዛሬም እጁ አላረፈም። አንቺ ደግሞ ምነው እንዲህ ሳቅሽ?"